ዒላማው በዓመቱ መሃል ሲለወጥ ዓመታዊ ውጤት እንዴት ይመዘናል?

ነሐሴ 5 ቀን 2015 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ጣለ። ባንኮች የበጀት ዓመታቸውን የጀመሩት ከዚያ ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 24 ቀን ነበር። የዓመቱ ዕቅድ ወጥቷል፣ ለዲስትሪክትና ለቅርንጫፍ ተከፋፍሏል፣ የብድር ባለሙያውም «ይህን ያህል ሚሊዮን አዲስ ብድር እሰጣለሁ» ብሎ ፈርሟል። ጣሪያው ከዋናው መሥሪያ ቤት ተነሥቶ፣ ተተንትኖና ተከፋፍሎ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ደግሞ ወራት አለፉ። በዓመቱ መጨረሻ የምዘና ቅጹ ሲመጣ ሁሉም የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ በየትኛው ዒላማ ነው የምንመዝነው?

እኔ ያን ጊዜ በአንድ ባንክ ዲስትሪክት ውስጥ የዕቅድና አፈጻጸም ሥራ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነበር፤ መጨረሻ የመጣውን ደብዳቤ ይዤ ዓመቱን ሙሉ በእሱ መዘንኩ። አንዲት የብድር ባለሙያ ውጤቷን አይታ «እኔ እኮ ያበደርኩ ቀን አበድሪ ተብዬ ነው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን አሠራር በእሷው ዓይነት ጉዳይ ላስረዳ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲቀልሉ አስተካክያቸዋለሁ።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ሰብስቡ፣ ቀኖቹን ለዩ

ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር በእጃችሁ ይኑር። አንደኛው ሠራተኛው የፈረመበት የመጀመሪያ ዕቅድ ከነሩብ ዓመት ክፍፍሉ ነው። ሁለተኛው ዒላማውን የለወጠው ደብዳቤ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለውጡ ለሠራተኛው የተነገረበት ማስረጃ ነው፤ ቃለ ጉባኤ፣ ኢሜይል ወይም የተፈረመ የተከለሰ ዕቅድ ሊሆን ይችላል።

በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ሦስት ቀን አለ። ደብዳቤው የተጻፈበት፣ ሠራተኛው የሰማበት እና ለውጡ ሥራ ላይ የዋለበት። በእኛ ጉዳይ ደብዳቤው ኅዳር 12 ቀን 2016 ተጻፈ። ቅርንጫፉ ለባለሙያዋ ያስታወቃት ግን ታኅሣሥ 20 በተደረገ ስብሰባ ነው። ዓመቱ የሚከፈለው በሰማችበት ቀን እንጂ ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን አይደለም። ሰው ያልነገሩትን ዒላማ ሊያሳካም ሊያጎድልም አይችልም። ደብዳቤው «ከኅዳር ጀምሮ» ቢልም፣ ያለፈው አንድ ወር በአሮጌው ዒላማ ይመዘናል፤ የመዘግየቱ ዕዳ የአስተዳደሩ ነው።

አንድ ትንሽ ወጥመድ እዚህ ላይ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ይዘጋል። ባንኮች ግን የሚዘጉት በጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ነው። ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የኮምፒውተር ሪፖርቱ በፈረንጅ ወር ይወጣል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ካልጻፋችሁ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ቀን የሚደርስ ሥራ ወደ ተሳሳተው ወገን ይገባል። ባለሙያዋ ታኅሣሥ 20 ሰማች፤ ግማሽ ዓመቱ የሚዘጋው ዲሴምበር 31፣ ማለትም ታኅሣሥ 21 ነው። ስለዚህ ዓመቱን ልክ ግማሽ ላይ መክፈል ተቻለ።

2. ምን ዓይነት ለውጥ እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ለውጥ ለውጥ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ «በዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥም ዒላማው ይለወጥ ነበር ወይ?» የሚል ነው። የብሔራዊ ባንክ ጣሪያ ሲመጣ መልሱ አዎ ነው፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይነካል። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ወደ ኋላ እንደቀረ አይቶ ከመዝጊያው ሁለት ወር በፊት ዒላማውን ዝቅ ካደረገለት ግን መልሱ አይደለም ነው። እሱ የዕቅድ ክለሳ ሳይሆን ነጥብ መስጠት ነው። እንዲህ ያለውን በመጀመሪያው ዒላማ መዝኑ፣ ሠራተኛው የገጠመው ችግር ካለም በአስተያየት ዓምዱ ላይ ጻፉለት።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሠራተኛው በስድስት ወር የዓመቱን ሊጨርስ ሲል «አንተማ ትችላለህ» ተብሎ ለእሱ ብቻ ዒላማው ከፍ ይላል። ይህም በወንበሩ ላይ ባለው ሰው ምክንያት የመጣ ነው። አዲሱን ዒላማ ለመጪው ዓመት አቆዩት፤ የዘንድሮውን በፈረመበት መዝኑ። ይህን ያላደረገ ቅርንጫፍ በሚቀጥለው ዓመት ጎበዝ ሠራተኛው ደንበኛ እያቆየ፣ ተቀማጩን እስከ አዲሱ በጀት ዓመት እያዘገየ ሲያስገባ ያየዋል።

3. ግቡ ተፈጥሮው ተለውጦ እንደሆነ እዩ

ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው። ቁጥሩ ብቻ ሲቀየር ስሌት ይበቃል። የብድር ጣሪያው ግን ቁጥር ብቻ አልቀየረም። አዲስ ብድር ከነሐሴ በፊት ወለል ነበር፣ የበለጠ የሰጠ የበለጠ ይመሰገናል። ከጣሪያው በኋላ ወሰን ሆነ፣ ያለፈው ጥፋተኛ ነው። አንዱን ግብ በሁለት ተቃራኒ ሕግ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መስመር መመዘን አይቻልም።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ጣሪያው የታሰረው ባልተከፈለ የብድር መጠን ዕድገት ላይ ስለሆነ፣ አሮጌ ብድር ሲመለስ ለአዲስ ብድር ቦታ ይከፈታል። ስለዚህ የብድር ባለሙያ ዋና ሥራ ከማበደር ወደ ማስመለስ ዞረ። ክለሳው የግቦቹን ክብደትም መንካት ነበረበት፣ በእኛ ጉዳይም ነክቶታል። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የባለሙያዋ ክብደቶች አዲስ ብድር 40፣ ተቀማጭ ማሰባሰብ 25፣ ብድር ማስመለስ 25፣ የደንበኛ አገልግሎትና ሪፖርት 10 ነበሩ። በሁለተኛው ግማሽ አዲስ ብድር ወደ 10 ወረደ፣ ተቀማጭ 35፣ ብድር ማስመለስ 45 ሆነ፣ አገልግሎት በ10 ጸና።

ደብዳቤው ስለ ክብደት ዝም ካለ ምን ይደረጋል? ዒላማው ሲነሣ ክብደቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። የወደቀውን ክብደት ሠራተኛው ጎበዝ በሆነበት ግብ ላይ መጫን አድልዎ ነው፣ በደከመበት ላይ መጫንም ቅጣት ነው። ሰዓቱ ወደየት እንደሄደ ጠይቁ፣ ክብደቱም ወደዚያው ይሂድ። ለመለየት ካልቻላችሁ ለቀሪዎቹ ግቦች እንደየድርሻቸው አከፋፍሉት። ውሳኔውን ግን ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት፤ ነጥቡ ከታየ በኋላ የሚደረግ የክብደት ድልድል ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

4. ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የራሱን ዒላማ አውጡ

እዚህ ላይ ለአሥራ ሁለት ማካፈል ያሳስታል። ብድርም ተቀማጭም በየወሩ እኩል አይመጣም። የቡና ላኪ የሚበደርበት ወቅት አለ፣ ነጋዴ ለበዓል ገንዘቡን የሚያወጣበት ወቅት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቅድ በሩብ ዓመት የተከፋፈለበትን ተጠቀሙ። ባለሙያዋ ለዓመቱ 48 ሚሊዮን ብር አዲስ ብድር ነበረባት፤ በዕቅዱ ክፍፍል የመጀመሪያው ግማሽ 22 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 26 ሚሊዮን ነው። ደብዳቤው የዓመቱን ወደ 30 ሚሊዮን አወረደው። የመጀመሪያው ግማሽ ዒላማ 22 ሆኖ ይጸናል፣ ሁለተኛው 8 ሚሊዮን ወሰን ይሆናል።

የተቀማጩ ዒላማ በአንጻሩ ከፍ ብሏል። ለዓመቱ 30 ሚሊዮን ጭማሪ ነበር፣ 12 በመጀመሪያው ግማሽ፣ 18 በሁለተኛው። ደብዳቤው የዓመቱን 40 ሚሊዮን አደረገው። ባለሙያዋ በመጀመሪያው ግማሽ ያመጣችው 9 ሚሊዮን ብቻ ነው። ታዲያ የሁለተኛው ግማሽ ዒላማ ስንት ነው፣ ከ40 ላይ 12 ተቀንሶ 28 ወይስ 9 ተቀንሶ 31?

28 ነው። የጎደሉት 3 ሚሊዮን በመጀመሪያው ግማሽ ነጥብ ላይ ተቆርጠዋል። ወደ ሁለተኛው ዒላማ ከተጨመሩ አንዱ ጉድለት ሁለት ጊዜ ያስቀጣል። ተገላቢጦሹንም አትርሱ። በመጀመሪያው ግማሽ 15 ሚሊዮን አምጥታ ቢሆንና የባንኩ ደንብ ከ100 በመቶ በላይ ነጥብ የማይሰጥ ከሆነ፣ የተረፉት 3 ሚሊዮን ወደ ሁለተኛው ግማሽ ውጤት ይሻገራሉ፤ ያለዚያ ቀድማ በመሥራቷ ታጣቸዋለች።

ብድር ማስመለስ የሚለካው በመቶኛ ነው። የመቶኛ ዒላማ አይከፋፈልም፤ በየክፍለ ጊዜው ራሱን ችሎ ይቆማል፣ መጀመሪያ 95 በመቶ፣ በኋላ 97 በመቶ። የሁለቱን መቶኛ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ግን የተለመደ ስህተት ነው። የዓመቱን ከፈለጋችሁ፣ የተመለሰውን ብር በሙሉ መመለስ ለነበረበት ብር በሙሉ አካፍሉ።

5. አስሉ፣ ከዚያም አገናኙ

የመጀመሪያው ግማሽ እንዲህ ወጣ። አዲስ ብድር 24 ሚሊዮን ከ22፣ ከመቶ በላይ ስለማይቆጠር ሙሉ 40 ነጥብ። ተቀማጭ 9 ከ12፣ 75 በመቶ፣ ከ25 ላይ 18.75። ብድር ማስመለስ 91.2 በመቶ ከ95፣ ከ25 ላይ 24። አገልግሎት ከአምስት አራት፣ ከ10 ላይ 8። ድምሩ 90.75።

ሁለተኛው ግማሽ፤ አዲስ ብድር 7 ሚሊዮን፣ ከ8 ሚሊዮኑ ወሰን ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሙሉ 10። ተቀማጭ 21 ከ28፣ እንደገና 75 በመቶ፣ ከ35 ላይ 26.25። ብድር ማስመለስ 92.15 ከ97፣ 95 በመቶ፣ ከ45 ላይ 42.75። አገልግሎት 8። ድምሩ 87።

ሁለቱም ክፍለ ጊዜዎች ስድስት ስድስት ወር ስለሆኑ አማካዩ 88.9 ነው። ለውጡ ከአራተኛው ወር በኋላ መጥቶ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ነጥብ በ4፣ ሁለተኛውን በ8 አባዝታችሁ፣ ደምራችሁ ለ12 ታካፍላላችሁ።

በኤክሴል ለምትሠሩ፣ B ክብደት፣ C ዒላማ፣ D ክንውን ከሆነ የወለል ግብ ቀመር ይህ ነው፤

```
=B2*MIN(1,D2/C2)
```

ይህ ቀመር ለወሰን ግብ አይሠራም። 8 ሚሊዮን እንዳታልፍ የተባለች ባለሙያ 7 ስላበደረች 87.5 በመቶ ይሰጣታል፤ 11 ብታበድር ደግሞ ሙሉ ነጥብ ይሰጣታል። ለወሰን ግብ የሚያስፈልገው ቀመር ይህ ነው፤

```
=IF(D2<=C2,B2,0)
```

ዜሮ በጣም ከበደ ካላችሁ ትንሽ ስታልፍ ነጥቡ በየደረጃው የሚወርድበትን ሠንጠረዥ አስቀድማችሁ አውጡ። ወሰኑን ያላለፈች ሁሉ ሙሉ ነጥብ ታገኛለች ማለት ግን ምንም ያላበደረችም ታገኛለች ማለት ነው። ስለዚህ ከወሰኑ ጋር ለቀረበላት የብድር ጥያቄ በጊዜው መልስ መስጠቷን የሚያይ መለኪያ አያይዙ።

6. በሌሎቹ መንገዶችም አስልታችሁ ልዩነቱን ተመልከቱ

ይህን የማደርገው ለማረጋገጫ ነው፣ አስተዳደሩን ለማሳመንም ይረዳል። ዓመቱን በሙሉ በመጀመሪያው ዕቅድ ብንመዝናትስ? አዲስ ብድር 31 ከ48፣ ከ40 ላይ 25.8 ይሆናል። ተቀማጭ 30 ከ30፣ ሙሉ 25። ብድር ማስመለስ የዓመቱ 91.8 በመቶ ነው፣ ከ95 አንጻር 24.2። ከአገልግሎቱ 8 ጋር 83 ነጥብ። እዚህ ላይ የተቀጣችው ሕግ ስላከበረች ነው።

ዓመቱን በሙሉ በመጨረሻው ደብዳቤ ብንመዝናትስ? ተቀማጭ 30 ከ40፣ 26.25። ማስመለስ 91.8 ከ97፣ 42.6። አገልግሎት 8። አዲስ ብድር ግን 31 ሚሊዮን ሆኖ የ30 ሚሊዮኑን ወሰን በአንድ ሚሊዮን አልፏል፣ ስለዚህ ዜሮ። ድምሩ 76.8። ይህ ነው የመጀመሪያው ስህተቴ። በነሐሴና በመስከረም፣ አበድሪ በተባለችበት ጊዜ የሰጠችው ብድር ዓመት ሳይሞላ ጥፋት ሆነባት።

አንድ ሰው፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ ግን 76.8፣ 83 እና 88.9። በብዙ መሥሪያ ቤት በእነዚህ ነጥቦች መካከል የእርከን ጭማሪና የቦነስ ልዩነት አለ። የመመዘኛው መንገድ አሥራ ሁለት ነጥብ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ የትኛውን መንገድ እንደተጠቀማችሁ በቅጹ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው።

7. የተጨመረው ዒላማ ሊደረስበት ይችል እንደነበር ፈትሹ

የባለሙያዋ ተቀማጭ በሁለቱም ጊዜ 75 በመቶ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ግማሽ ከ12 ሚሊዮን 9 አመጣች፣ በሁለተኛው 21 ሚሊዮን። ከመጀመሪያው ዕቅድ የ18 ሚሊዮን ዒላማ በላይ ማለት ነው። ይህን ለማየት ተመሳሳይ ክለሳ የደረሳቸውን ሌሎች ቅርንጫፎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁሉም ወደ 75 በመቶ አካባቢ ከወደቁ ችግሩ ዒላማው ነው። አንዳንዶቹ 95 ደርሰው እሷ 75 ከቀረች ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ዒላማው የተጋነነ ሆኖ ቢገኝም ነጥቡን በግላችሁ አታስተካክሉ። ስሌቱን እንዳለ ጻፉ፣ ንጽጽሩን በማስታወሻ አያይዙ፣ ማስተካከያው ለሁሉም እኩል በምዘና ኮሚቴው ይወሰን። አንድ የቅርብ አለቃ ለራሱ ሠራተኞች ብቻ ሲያርም፣ ዝም ያለው የሌላው ቅርንጫፍ ሠራተኛ ይጎዳል።

ለውጡ ሠራተኛውን የሚጠቅምም ሊሆን ይችላል፤ እሱንም በዚያው ጥንቃቄ መዝኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ምንዛሪ ግባቸውን በብር የጻፉ ቅርንጫፎች አንድም ተጨማሪ ዶላር ሳያመጡ ዒላማቸውን ሊያልፉ ይችሉ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዒላማውንም ክንውኑንም በዶላር መልሳችሁ አስሉ። ጣሪያው ራሱ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ሲልም ነገሩ ያው ነው። ወሰኑ የሰፋው ለቀሪዎቹ ወራት ነው፣ ያለፉት ወራት በ14ቱ ሥር ተሠርተዋል።

8. ከሠራተኛው ጋር ተቀመጡ፣ በጽሑፍ ዝጉ

በንግግሩ ላይ ከድምሩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ቀኖቹን አሳዩ፤ «ለውጡን የሰማሽው ታኅሣሥ 20 ነው፣ ተስማምተናል?» ቀኑ ላይ ከተስማማችሁ ቀጥሎ ክብደቱን፣ ከዚያ የየክፍለ ጊዜውን ዒላማ፣ መጨረሻ ላይ ክንውኑን። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄድ ክርክሩ በተነሣበት እርምጃ ላይ ብቻ ይቆማል። ከድምሩ ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ያከራክራል፣ የትኛው ቁጥር እንዳጣላችሁም አይታወቅም።

ቅጹ አንድ የዒላማ ዓምድ ብቻ ካለው፣ ሁለት ቅጽ ሙሉ፤ አንዱ ለየክፍለ ጊዜው። ሦስተኛ ገጽ ላይ የለውጡን ደብዳቤ ቁጥር፣ ሦስቱን ቀኖች፣ የክብደቱን ድልድልና የማገናኛውን ስሌት አስፍሩ። ሠራተኛዋ ካልተስማማች ቅሬታዋን እዚያው ጽፋ ትፈርም፤ ፊርማዋ ውጤቱን መቀበሏን ሳይሆን ማየቷን እንደሚያሳይ ንገሯት።

ይህ ወረቀት ከቦነስም ያለፈ ጉዳይ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት ሠራተኛ ሥራውን የመሥራት ችሎታ አጥቷል ተብሎ ሲሰናበት፣ የችሎታው ማነስ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ሠራተኛው ስለ ዒላማው መቼ አወቀ የሚለው ሊጠየቅ ይችላል። የኅዳር ደብዳቤ ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ለዚህ መልስ የለውም፤ የታኅሣሥ 20 ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው ያለው መልስ አለው። ቃለ ጉባኤው ከዕቅዱ ጋር በሠራተኛዋ የግል ማኅደር ይቀመጥ፣ አንድ ቅጂ ለራሷ ይሰጣት።